ንድፉ ላይ ያለው 40 ስንት ነው? የወፍጮ ሻፍት ንድፍ ሲነበብና ሲዘጋጅ የልኬት፣ የቶለራንስና የቁርጥ እይታ ምርጫ

ከቡሬ ወጣ ካለች ትንሽ ከተማ የመጡ የወፍጮ ቤት ባለቤት አንድ የተበላ ሻፍት በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ቀይ ቡናማ ዱቄት ለብሷል። «ልጄ፣ ይህንኑ የሚመስል አዲስ ሥራልኝ» አሉኝ። «አያ፣ ይህንኑ ከመሰለ መጨረሻውም ይህንኑ ይሆናል» ብዬ መለስኩላቸው። ሳቁ፤ ግን ቀልዴን አልነበረም። ያ የለሰለሰ ቦታ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት በሻፍቱ ላይ ሲንሸራተት መኖሩን ይመሰክራል፤ ቀዩ ዱቄትም ከዚያ ፍትጊያ የወጣ የብረት ዝገት ነው። ሻፍቱ ሲሠራ ጀምሮ ከሚገባው በጥቂት ማይክሮን ቀጥኖ ነበር ማለት ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ግልባጭ ሳይሆን ንድፍ ነበር። ንድፍ የሚያነብ ሰው የሚደናገረው፣ ንድፍ የሚያዝዝ ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚያጣው ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ርዝመቶቹ ከየት ተነሥተው እንደተለኩ፣ የተፈቀደው ልዩነት ማለትም ቶለራንሱ በምን መልክ እንደተጻፈ፣ ውስጡ በየትኛው ቁርጥ እንደታየ። ለእያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ ትክክለኛ መንገድ አለ። ከዚህ በታች መንገዶቹን በዚሁ ሻፍት ላይ አወዳድራለሁ፤ የቱን እንደምመርጥም እናገራለሁ።

ሻፍቱ እንዲህ ነው። በግራ ጫፉ ፑሌጃ የሚገባበት 35 ሚሊሜትር ውፍረትና 70 ርዝመት ያለው ክፍል አለ። ቀጥሎ 6208 ቁጥር ያለው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት 40 ውፍረትና 20 ርዝመት ያለው ቦታ ይመጣል። መካከለኛው ወፍራም አካል በሦስት እርከን የተከፈለ ሲሆን ርዝመታቸው 110፣ 140 እና 110፣ በድምሩ 360 ነው። በቀኝ በኩል ሁለተኛው የኩሽኔታ ቦታ፣ መጨረሻ ላይ የወፍጮው ድንጋይ የሚታሰርበት 90 ርዝመት ያለው ጫፍ አለ። በጠቅላላው 560 ሚሊሜትር ነው።

ከሥር ያለው ሳጥን መጀመሪያ ይነበባል

ወደ ምርጫዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ብዙ ሰው ንድፍ ሲቀበል ዓይኑ በቀጥታ ወደ ሥዕሉ ይሮጣል። እኔ ግን የምጀምረው በስተቀኝ ከሥር ካለው የርዕስ ሳጥን ነው፤ ምክንያቱም በሥዕሉ ላይ ምንም ልዩነት ያልተጻፈባቸው ቁጥሮች ሁሉ ሕጋቸው እዚያ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ISO 2768-m የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ባዶ ቁጥር ባዶ አይደለም። ከ30 በላይ እስከ 120 ሚሊሜትር ያለ ልኬት በ0.3 ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል፤ ከ120 በላይ እስከ 400 ያለው ደግሞ በ0.5። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንያዛቸው፤ ጥቂት ቆይተው ችግር ይፈጥራሉ።

ቁጥሮቹ በነጠላ ሰረዝ ከተጻፉ፣ ለምሳሌ 40,018 ተብሎ ከሆነ፣ ያ የአውሮፓውያን የነጥብ አጻጻፍ እንጂ አርባ ሺህ አይደለም። በወረቀቱ ላይ ማስመሪያ አስደግፎ ልኬት መውሰድም አይገባም፤ ፎቶ ኮፒና የስልክ ፎቶ መጠኑን ይለውጡታል፤ የሚታመነው የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

ርዝመት፦ በሰንሰለት ወይስ ከአንድ መነሻ?

የገጠር ማሳ በገመድ ሲለካ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። አንዱ መንገድ ገመዱ ባለቀበት ችካል ተክሎ ከዚያ እንደገና መጀመር ነው። ሌላው ደግሞ ረጅም ገመድ ከአንዱ ጥግ አስሮ ሁሉንም ከዚያው ጥግ መለካት ነው። በመጀመሪያው መንገድ በየችካሉ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት ለሚቀጥለው ትወረሳለች። በሁለተኛው እያንዳንዱ ልኬት የራሱን ስሕተት ብቻ ይሸከማል።

ይህንን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ይህንኑ የመሰለ ሻፍት ንድፍ ስስል መካከለኛውን አካል 110፣ 140፣ 110 ብዬ በሰንሰለት ጻፍኩ፤ ድምሩን 360 ደግሞ በቅንፍ አስቀመጥኩ። ንድፉን ወደ ሌላ ሥራ ቤት ላክሁት። ሻፍቱ ሲመለስ እርከኖቹ 110.25፣ 140.4 እና 110.2 ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ከ0.3 በታች፣ ሁለተኛው ከ0.5 በታች ናቸው፤ ሁሉም ተፈቅደዋል። ድምሩ ግን 360.85 ሆነ። የወፍጮው አካል የተሠራው የቀኙ ኩሽኔታ በየጎኑ 0.5 ሚሊሜትር ብቻ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ስለነበር፣ ክዳኑ ሲታሰር ኩሽኔታው በጎን ተጨነቀ። ወፍጮው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይፈጭ የኩሽኔታው ቤት ግሎ እጅ የማያስነካ ሆነ። ሄጄ ቶርኖ ሠራተኛውን ልወቅሰው ንድፉን በዘረጋሁበት ጊዜ፣ «ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች የትኛውን አጠፋሁ?» አለኝ። አንዱንም አላጠፋም ነበር። በቅንፍ የተጻፈውን 360 ደግሞ እንዲለካ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ በቅንፍ ያለ ልኬት ለማስታወስ ብቻ የሚጻፍ ረዳት ቁጥር ነው። በሰንሰለቱ የተፈቀደው ጠቅላላ ስሕተት 0.3፣ 0.5 እና 0.3 ተደምሮ 1.1 ሚሊሜትር ነበር፤ የፈቀድኩትም እኔው ነኝ።

ታዲያ ሁሉንም ከግራው ትከሻ፣ ማለትም ወፍራሙ አካል ከሚጀምርበትና ኩሽኔታው ከሚደገፍበት ጠርዝ፣ ብንለካውስ? 110፣ 250 እና 360 ተብሎ ይጻፋል ማለት ነው። በዚያው የሳጥኑ ሕግ 360 አሁን በ0.5 ብቻ ነው የሚዛነፈው። ይህ ግን ነፃ ስጦታ አይደለም። መሐል ያለው የ140 እርከን ራሱ ስላልተጻፈ፣ የ110ን እና የ250ን ስሕተት ወርሶ እስከ 0.8 ሊዛነፍ ይችላል፤ በሰንሰለቱ 0.5 ብቻ ነበር። ስለዚህ ከአንድ መነሻ መለካት ሩቅ የሆኑትን ያስተካክላል፣ ጎረቤታሞቹን ያራርቃል። ንድፍ የሚያነብ ሰው «ይህ ንድፍ የቱን ነው የሚጠብቀው?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

በዚህ ሻፍት ላይ የመሐሉ እርከን ምንም አይነካም፤ ርዝመቱ 139 ቢሆን 141 ማንም አያውቅም። የሚነካው በሁለቱ የኩሽኔታ ትከሻዎች መካከል ያለው 360 ነው። ስለዚህ የምመርጠው ድብልቁን ነው፤ 360 ራሱን ችሎ ከነልዩነቱ 360 ±0.2 ተብሎ ይጻፋል፣ 110 እና 140 ከግራ በሰንሰለት ይቀመጣሉ፣ የመጨረሻው 110 አይጻፍም። ያልተጻፈው እርከን የሁሉም ስሕተት መጣያ ይሆናል። 0.2 ያልኩት ከባዶ ሜዳ አይደለም። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለእያንዳንዱ ሜትር ወደ 0.0115 ሚሊሜትር ይለጠጣል፤ ሻፍቱ ከወፍጮው አካል በ30 ዲግሪ ቢበልጥ 360ው በ0.12 ገደማ ይረዝማል። ከ0.5 ክፍተት ላይ 0.2 የሥራ ስሕተት እና 0.12 የሙቀት ሲቀነስ ኩሽኔታው አሁንም መተንፈሻ ይቀረዋል።

አንድ ነገር ግን በወረቀት ላይ አይታይም። 360ን በቀጥታ ለመለካት ረጅም ካሊፐር ያስፈልጋል፤ በየሥራ ቤቱ ኪስ ውስጥ ያለው ግን ባለ 150 ነው። ረጅሙ ከሌለ ሠራተኛው ሦስቱን እየለካ ይደምራቸዋል፤ ንድፉ ከአንድ መነሻ ቢጻፍም ሥራው በሰንሰለት ይሆናል። ንድፉን ከመስጠት በፊት ባለ 500 ካሊፐር አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከሌላቸው አማራጩ ልኩ የታወቀ ቁራጭ ብረት አዘጋጅቶ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል እያስገቡ መፈተሽ ነው።

ቶለራንስ፦ ያው ልክ በአራት መልክ

የኩሽኔታው ቦታ 40 ሚሊሜትር ነው ብያለሁ። ይህንኑ 40 በአራት መልክ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ።

ባዶውን «40» ተብሎ ከተጻፈ በሳጥኑ ሕግ ከ39.7 እስከ 40.3 ያለው ሁሉ ይፈቀዳል። በ39.7 ኩሽኔታው እንደ ሰፊ ቀለበት ይወልቃል፤ በ40.3 በመዶሻም አይገባም። ባለ ወፍጮው ያመጡት ሻፍት በእንዲህ ያለ ቁጥር የተሠራ ይመስለኛል። ባዶ ቁጥር ለኩሽኔታ ቦታ የሚሆን አይደለም፤ ሌላ ክርክር የለበትም።

ሁለተኛው 40 k6 የሚለው ነው። ፊደሉ ልኩ ከ40 በላይ ይሁን በታች፣ ቁጥሩ ደግሞ የተፈቀደው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ትንሹ ፊደል የሻፍት፣ ትልቁ ፊደል የቀዳዳ ነው፤ h6 እና H6ን ያምታታ ሰው ቀዳዳውን ሻፍት፣ ሻፍቱን ቀዳዳ ያደርገዋል። የዚህ አጻጻፍ ጥቅሙ የነዳፊውን ሐሳብ መግለጹ ነው። k6ን ያየ ባለሙያ «ይህ ኩሽኔታ ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥ ተፈልጓል» ብሎ ወዲያው ይረዳል። ጉዳቱ ደግሞ ሠንጠረዥ ይጠይቃል፤ በቴሌግራም የተላከ የደበዘዘ ፎቶ ላይም k እና h ይመሳሰላሉ።

ሦስተኛው መልክ 40 ተጽፎ ከጎኑ በትንንሽ ቁጥሮች ከላይ +0.018፣ ከታች +0.002 የሚደረግበት ነው። የk6 ትርጉሙ ይኸው ነው። ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ወጥመዱ ግን ሁለቱም የመደመር ምልክት መሆናቸው ነው። ዓይን ከላይ መደመር፣ ከታች መቀነስ ማየት ስለለመደ የታችኛውን −0.002 ብሎ ያነበዋል። ልዩነቱ አራት ማይክሮን ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሻፍቱ ከ40 በታች እንዲወርድ በር የሚከፍተው እሱ ነው።

አራተኛው ሁለቱን ዳርቻዎች ብቻ ከላይና ከታች መጻፍ ነው፤ 40.018 እና 40.002። ቶርኖ ላይ ለቆመ ሰው ከዚህ የሚቀልል የለም፤ ማይክሮሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር በሁለቱ መካከል ካለ ጨርሷል፣ ካልሆነ አልጨረሰም። የሚጎድለው ሐሳቡ ነው፤ ንድፉን ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ይህ ጠበቅ ብሎ እንዲገጥም የታሰበ መሆኑን በስሌት ካልሆነ አያውቅም።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛውንና አራተኛውን አብሮ መጻፍ ነው። ኮዱ ለሚጠግነው ሰው፣ ዳርቻዎቹ ለሚሠራው ሰው። ቦታ ከጠበበና አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ፣ ሥራው በጎጃም ከተሞች ባሉ ትንንሽ ሥራ ቤቶች የሚሠራ ከሆነ ዳርቻዎቹን እጽፋለሁ። ብዙ ክፍል በተከታታይ የሚያመርት ፋብሪካ ቢሆን ኮዱን እመርጥ ነበር፤ እዚያ መፈተሻ መሣሪያዎቹ ራሳቸው በኮዱ የተቀረጹ ናቸው።

ግን ለምን k6? የ6208 ኩሽኔታ ቀዳዳ በተለመደው ደረጃ ከ39.988 እስከ 40.000 ነው። ሻፍቱ በk6 ከተሠራ በትንሹ በ2፣ በብዛቱ በ30 ማይክሮን ከቀዳዳው ይወፍራል፤ ሁልጊዜ ይጠብቃል ማለት ነው። በወፍጮ ላይ ሻፍቱ እየዞረ የቺንጋው ስበት ግን አቅጣጫውን ስለማይለውጥ፣ የውስጥ ቀለበቱ ካልጠበቀ ቀስ በቀስ በሻፍቱ ላይ ይሳባል። በጆንያ የመጣው ሻፍት ታሪክ ይኸው ነው።

ሁለት ሌሎች ኮዶችን ከጎኑ እናስቀምጥ። h6 ብንጽፍ ሻፍቱ ከ39.984 እስከ 40.000 ይሆናል። ዕድለኛ ከሆንን በ12 ማይክሮን ይጠብቃል፣ ካልሆንን በ16 ማይክሮን ይላላል። ለመግጠም ይቀላል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚወደው። ቀለል ላለ ጭነትና በቀስታ ለሚዞር ነገር ይሠራል፤ ለወፍጮ አልመክረውም። «ጠበቅ ይበልልኝ» ብሎ ወደ p6 የሚሄድም አለ፤ ያን ጊዜ ሻፍቱ ከ40.026 እስከ 40.042 ነው፣ ጥብቀቱ ከ26 እስከ 54 ማይክሮን ይደርሳል። የዚህ ጉዳት ከውጭ አይታይም። የዚህ ኩሽኔታ የውስጥ ክፍተት በተለመደው ዓይነት ከ6 እስከ 20 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ጥብቀቱ የውስጥ ቀለበቱን ሲለጥጠው አብዛኛው ወደ ክፍተቱ ይገባና ኳሶቹ መዞሪያ ያጣሉ። አዲስ ኩሽኔታ ተገጥሞ በእጅ ሲዞር የሚከብድ፣ የሚንገጫገጭ ከሆነ እዚህ ላይ ነው መጠርጠር።

የመለኪያው ነገር ሳይነሣ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ከ40.002 እስከ 40.018 ያለው ስፋት 16 ማይክሮን ነው። በሥራ ቤቱ ያለው ካሊፐር በጥሩ ቀኑ 20 ማይክሮን ነው የሚለየው፤ አብዛኛው 50 ነው። በካሊፐር «ልክ 40 ነው» የተባለ ሻፍት 39.97ም ሊሆን ይችላል። ከ25 እስከ 50 የሚለካ ማይክሮሜትር የግድ ነው፤ ከመለካቱ በፊትም አብሮት በሚመጣው የ25 ሚሊሜትር ዘንግ ዜሮው መታየት አለበት።

ሙቀትም አለ። ንድፍ ላይ ያለ ልኬት ሁሉ በ20 ዲግሪ የታሰበ ነው። ከቶርኖ ላይ የወረደ ሻፍት 60 ዲግሪ ቢሆን፣ 40 ሚሊሜትሩ በ18 ማይክሮን ተለጥጧል። በሙቀቱ 40.010 ብሎ ያስደሰተን ሻፍት፣ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ 39.992 ሆኖ ይጠብቀናል። ጠዋት ከጮቄ በሚወርደው ብርድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማይክሮሜትሩም ሻፍቱም ቀዝቅዘው ሲለኩ ብዙም አይዋሹም፤ ዋሾው በጥድፊያ የሚለካ ትኩስ ብረት ነው።

ቁርጥ እይታ፦ ለየትኛው ክፍል የትኛው?

ቁርጥ እይታ ማለት ዕቃው በሐሳብ በመጋዝ ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ ነው። የተቆረጠው ብረት በቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ይሞላል። ከዚህ ሕግ የሚወጡ ነገሮች ግን አሉ፤ ድፍን ሻፍት፣ ብሎን፣ ፑሌጃውን ከሻፍቱ ጋር የሚያስረው ኪያቬታና ማጠንከሪያ ክንፍ በርዝመታቸው ቢቆረጡም በሰያፍ መስመር አይሞሉም። ይህንን የማያውቅ ሰው ያልተሞላውን ሁሉ ባዶ ቦታ ያደርገዋል። የኩሽኔታ ቤት ንድፍ ላይ ያለውን ማጠንከሪያ ክንፍ «ክፍተት ነው» ብሎ የተወ ብየዳ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ ቤቱ ያለ ክንፍ ተሠርቶ መጣ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ባዶ ቦታ ከሆነ ከጀርባው ያለው ጠርዝ መስመር ሆኖ ይታያል፣ በሌላኛው እይታም ክንፍ ሳይሆን ቀዳዳ ይኖራል።

ስለዚህ ለሻፍቱ ሙሉ ቁርጥ አይመረጥም፤ ምንም አያሳይም። መቆረጥ ያለበት በወርዱ ነው፤ ያውም ኪያቬታው የሚቀመጥበት ቦይ ላይ። ፑሌጃው የሚገባበት 35 ውፍረት ያለው ጫፍ 10 ሚሊሜትር ስፋትና 8 ቁመት ያለው ኪያቬታ ይይዛል። ተነጥሎ የወጣው ቁርጥ A-A ተብሎ ከሻፍቱ ጎን ሲሳል፣ ክብ ሆኖ ከላዩ ላይ ቦይ ይታያል። እዚያ ላይ ከስፋቱ ሌላ አንድ ቁጥር አለ፤ 30፣ ከጎኑ 0 እና −0.2። ይህ 30 የቦዩ ጥልቀት አይደለም፤ ከቦዩ ወለል እስከ ሻፍቱ ተቃራኒ ጎን ያለው ርቀት ነው። ጥልቀቱ 35 ሲቀነስ 30፣ አምስት ሚሊሜትር ነው።

«ታዲያ ለምን 5 ተብሎ አይጻፍም?» የሚል ተለማማጅ በየዓመቱ አይጠፋም። አንዳንድ ንድፎች እንዲያውም ይጽፉታል፤ ስለዚህ ማወዳደር ተገቢ ነው። ሻፍቱ ክብ ስለሆነ ቦዩ ሲቆረጥ የላይኛው ጉብታ አብሮ ይሄዳል። በ35 ሻፍት ላይ 10 የሚሰፋ ቦይ ከተቆረጠ፣ የቦዩ ከንፈር ከቀድሞው ጉብታ በ0.73 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ሠራተኛው የካሊፐሩን ጥልቀት መለኪያ ዘንግ ከከንፈሩ አስደግፎ 5 እስኪያነብ ድረስ ከቆረጠ፣ እውነተኛው ጥልቀት 5.73 ሆኗል። የተፈቀደው ስሕተት 0.2 ነበር። ኪያቬታው ይሰምጥና የፑሌጃውን ቦይ በጥቂት ጠርዝ ብቻ ይይዛል፤ ወፍጮው በተነሣ ቁጥር እየተጨፈለቀ ይሄዳል። 30 ተብሎ ሲጻፍ ግን የሚለካው ካልተነካው ጀርባ ነው። እንዲያውም ኪያቬታውን ቦዩ ውስጥ አስቀምጦ በላዩ መለካት ይቻላል፤ 30 ሲደመር 8፣ ወደ 38 መምጣት አለበት። ያለ ማመንታት የ30ን አጻጻፍ እመርጣለሁ።

የፑሌጃው ነገር ሌላ ነው። እዚህ በሙሉ ቁርጥና በግማሽ ቁርጥ መካከል እውነተኛ ምርጫ አለ። ግማሽ ቁርጥ ከመሐል መስመሩ በላይ ውስጡን፣ በታች ውጭውን ያሳያል፤ በአንድ ሥዕል ሁለት እይታ፣ ወረቀት ይቆጥባል። ነገር ግን የዲያሜትር ልኬት መስመሩ በአንድ በኩል ብቻ ቀስት ይኖረዋል፤ ሌላኛው ጫፍ ከመሐል መስመሩ ትንሽ አልፎ ያለ ቀስት ይቀራል። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ከመሐል የተለካ ራዲየስ ያደርገዋል፤ የØ ምልክቱ ከቁጥሩ ፊት መኖሩን ካላየ ዕቃውን እጥፍ አድርጎ ይሠራዋል። ለዚህ ነው ለመንደር ሥራ ቤት ፑሌጃን በሙሉ ቁርጥ የምስለው፤ የኪያቬታው ቦይም ከላይ በግልጽ ይታያል። ቁጥሩ 38.3 ነው፤ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ እስከ ቦዩ ጣሪያ። ግማሽ ቁርጥ ውጭው ብዙ ነገር ለተሸከመ፣ ለምሳሌ ብሎን ቀዳዳና ጽሑፍ ላለው ክዳን ይሻላል።

የኩሽኔታው ቤት አንድ የቅባት ቀዳዳ ብቻ ለማሳየት ከሆነ ሙሉውን መቁረጥ አያስፈልግም፤ በእጅ በተሳለ ጠማማ መስመር የተከበበ ከፊል ቁርጥ ይበቃል።

የመቁረጫው መስመር ጫፎች ላይ ያሉት ቀስቶች የሚመለከተውን ሰው አቅጣጫ ያሳያሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ንድፎች መካከል እይታዎች የሚቀመጡበት ጎን ስለሚለያይ ቦዩ በቀኝ ነው በግራ እየተባለ ይጨቃጨቁበታል። ቀስትና ፊደል ያለው ቁርጥ ካለ ጭቅጭቁ ያበቃል፤ ቀስቱ ወደሚያይበት ማየት ብቻ ነው። ለዚህ ስል ሻፍቱ ላይ ቀላል ነገር ቢሆንም A-A ሳልጽፍ አላልፍም።

ለባለ ወፍጮው የተሰጠው ወረቀት

በመጨረሻ የሰጠኋቸው ንድፍ ላይ የኩሽኔታ ቦታዎቹ ሁለቱም እንዲህ ተጻፉ፦

```
Ø40 k6  (40.018 / 40.002)
360 ±0.2
R1 max
```

የመጨረሻው መስመር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በትከሻው ሥር ያለው የተጠጋጋ ጥግ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ፣ የኩሽኔታው ጠርዝ ጥጉ ላይ ይደገፍና ከትከሻው ጋር አይገናኝም፤ ያኔ 360ው ተጠብቆም ኩሽኔታው ተዛንፎ ይቀመጣል። የቀሩት ርዝመቶች ባዶ ቁጥር ሆነው ለሳጥኑ ሕግ ተተዉ፤ የፑሌጃው ጫፍ 70 ቢሆን 70.3 ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

አያ ሻፍቱን ሊረከቡ ሲሄዱ ማይክሮሜትር እንደሌላቸው ነገሩኝ። አንድ አዲስ 6208 ኩሽኔታ ይዘው እንዲሄዱና ሻፍቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በእጃቸው ወደ ቦታው ለመግፋት እንዲሞክሩ ነገርኳቸው። ዘው ብሎ ከገባ እንዳይረከቡት፤ አፉ ላይ ያዝ አድርጎ አልገባም ካለ ቢያንስ አለመላላቱን ያውቃሉ። ከመጠን በላይ መጥበቁን ግን በዚህ መንገድ አያውቁም፤ ለዚያ ማይክሮሜትር ያለው ሰው አብሯቸው ቢሄድ ይሻል ነበር። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። አንደኛው ቦታ 40.011፣ ሌላኛው 40.006 ነበር።